«ርክክብ» የትኛው ነው? የሁለት ክፍሎችን የሥራ ፍሰት ንድፍ አንድ የማድረግ አሠራር

የግዥ ክፍሉ ዘጠኝ ሣጥን ያለው ንድፍ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ያለው ፋይናንስ ደግሞ ስምንት ሣጥን ያለው የራሱ ንድፍ አለው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ወንበር ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ ለአቅራቢው ቼክ እስኪሰጥ ድረስ ስላለው መንገድ። በሁለቱም ላይ «ማጽደቅ» የሚል ሣጥን አለ፤ የሚያጸድቁት ግን የተለያየ ነገር ነው። ግዥ «ዕቃ መረከብ» ይላል፣ ፋይናንስ «ርክክብ» ይላል፤ ሲሰሙት አንድ ይመስላል፣ አንድ ግን አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጥንድ ንድፍ ለማዋሐድ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ኮምፒውተር ከፍቶ ሁለቱን ጎን ለጎን በማስቀመጥ፣ ስማቸው የሚመሳሰሉትን ሣጥኖች አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ ነው። እኔም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጠኝ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በግማሽ ቀን ያማረ ሥዕል ወጣ። ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ባሳየሁት ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ በዚህ ሥዕል ላይ እኔ የት ነው ያለሁት?» የትም አልነበሩም። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች በዚያው የግዥ ምሳሌ የማስረዳው።

በመጀመሪያ፦ ሣጥኖቹን ከሥዕሉ ማውጣት

ሥዕሉን ለጊዜው እርሱት። እያንዳንዱን ሣጥን ለብቻው በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የግዥን «ግ1፣ ግ2…»፣ የፋይናንስን «ፋ1፣ ፋ2…» ብለው ቁጥር ይስጡ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ስለሚያስፈልግ አይቀየርም።

በምሳሌያችን የግዥ ሣጥኖች እነዚህ ናቸው፦ ግ1 የግዥ ጥያቄ መቀበል፣ ግ2 የገበያ ጥናት፣ ግ3 የዋጋ ማወዳደሪያ፣ ግ4 ማጽደቅ፣ ግ5 የግዥ ትዕዛዝ መላክ፣ ግ6 ዕቃ መረከብ፣ ግ7 ምርመራ፣ ግ8 ሰነድ ወደ ፋይናንስ መላክ፣ ግ9 ክፍያ።

የፋይናንስ ደግሞ፦ ፋ1 በጀት ማረጋገጥ፣ ፋ2 የትዕዛዝ ቅጂ መቀበል፣ ፋ3 ርክክብ፣ ፋ4 የክፍያ ጥያቄ መቀበል፣ ፋ5 ሰነድ ማረጋገጥ፣ ፋ6 ማጽደቅ፣ ፋ7 ቼክ ማዘጋጀት፣ ፋ8 ቼክ መስጠት።

በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ሥራው ሲጀመር በሠራተኛው እጅ ያለው ሰነድ ምንድን ነው? ሲያልቅ የሚወጣው ሰነድ ወይም ፊርማ ምንድን ነው? የሚፈርመውስ ማን ነው? ሦስተኛውን «ግዥ ክፍል» ብሎ በጅምላ ማለፍ አይበቃም፤ የሥራ መደቡ ይጻፍ። የሰውየው ስም አያስፈልግም፤ ሰው ይዛወራል።

ይህን መረጃ ከክፍል ኃላፊው አይጠይቁ። ኃላፊው መሆን የሚገባውን ይነግርዎታል። ፋይሉን በእጁ የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛ ጠረጴዛው ድረስ ሄደው «ቀጥሎ የምትነካው ወረቀት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ስሙን ሳይሆን የወረቀቱን ጀርባ ማወዳደር

አሁን ወረቀቶቹን ገልብጠው ጀርባቸውን ብቻ እያዩ ያጣምሩ። ሁለት ሣጥኖች አንድ ናቸው የሚባለው የሚወጣው ሰነድና ፈራሚው አንድ ሲሆን፣ ወይም አንዱ የሚሰጠውን ያንኑ ሰነድ ሌላው ሲቀበል ብቻ ነው። ይህ መለኪያ ከተያዘ አብዛኛው ክርክር በራሱ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ቃል ሲሆን ሰነድ ግን ከፊታቸው ይቀመጣል።

በምሳሌያችን ከዚህ ማወዳደር አራት ዓይነት ነገር ወጣ።

አንደኛው፣ ስሙ የተለያየ ሆኖ ሥራው አንድ የሆነ ነው። ግ8 «ሰነድ ወደ ፋይናንስ መላክ» እና ፋ4 «የክፍያ ጥያቄ መቀበል» የአንድ ፋይል ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል። ግ5 እና ፋ2ም እንዲሁ ናቸው፤ የግዥ ትዕዛዙ ዋና ቅጂ ወደ አቅራቢው ሲሄድ ሁለተኛው ቅጂ ፋይናንስ ይገባል። ሁለቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው አንድ ሣጥን ይሆናሉ።

ሁለተኛውና አደገኛው፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው የተለያየ ነው። ግ4 «ማጽደቅ» ሲያልቅ የሚወጣው አሸናፊው አቅራቢ የተለየበት፣ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ነው። ፋ6 «ማጽደቅ» ሲያልቅ የሚወጣው የፋይናንስ ኃላፊው የፈረሙበት የክፍያ ማዘዣ ነው። በመካከላቸው የሳምንታት ርቀት አለ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለቱን አንድ ሣጥን አድርጌያቸው ነበር፤ በሥዕሉ መሠረት ኮሚቴው አሸናፊውን እንደመረጠ ዕቃው ሳይመጣ ክፍያ ይፈጸም ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የስፋት ልዩነት ነው። ለግዥ ክፍል «ክፍያ» አንድ ሣጥን ነው፤ ፋይሉ ከእጁ ስለወጣ ውስጡን ማየት አያስፈልገውም። ለፋይናንስ ግን ያው ነገር ከፋ5 እስከ ፋ8 ያሉ አራት ሣጥኖች ናቸው። እዚህ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፦ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ክፍል የሣለው ዝርዝር ይወሰዳል፣ ከሩቅ የሚያየው ክፍል የሣለው አንድ ሣጥን ይወጣል። ስለዚህ ግ9 ተሰረዘ።

አራተኛው ደግሞ በአንዱ ብቻ ያለ፣ በሌላው ጨርሶ የሌለ ነው። ፋ1 «በጀት ማረጋገጥ» በግዥ ንድፍ ላይ የለም። ግ7 «ምርመራ» በፋይናንስ ንድፍ ላይ የለም። እነዚህ ይቆያሉ፤ የሚያጣላው የት ቦታ ይግቡ የሚለው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ርክክብ» የሚለው ቃል

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ እሱ ስለሆነ ነው። ግ6 «ዕቃ መረከብ» ሲያልቅ የሚወጣው የአቅራቢው ማስረከቢያ ሰነድ ላይ የሚደረግ ፊርማ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ካርቶኑ ተቆጥሮ ወርዷል፣ ውስጡ ግን ገና አልታየም። ፋ3 «ርክክብ» ሲያልቅ የሚወጣው ሞዴል 19 ነው፤ ዕቃው ተመርምሮ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ የሚመዘገብበት ሰነድ። በሁለቱ መካከል ምርመራው አለ። አቅራቢው ስልክ ደውሎ «ዕቃዬን ተረክባችኋል፣ ገንዘቤስ?» ሲል ግዥ «አዎ ተረክበናል» ይላል፣ ፋይናንስ «ኧረ አልተረከብንም» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ችግሩ ከቃሉ ነው። ርክክብ በተፈጥሮው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አስረካቢና ተረካቢ አብረው በአንድ ቃል ውስጥ ተሸፍነዋል፤ ማን ለማን፣ ምንን የሚለውን አይነግረንም። «ምርመራ»፣ «ክፍያ»፣ «ማጣሪያ» የሚሉት ስሞችም ሠሪያቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ለጋራው ንድፍ የሚከተለውን ደንብ አወጣን፦ የሣጥን ስም ሁልጊዜ የሚሠራበት ነገር ከነግሱ ይሆናል፤ ግሱም በ«መ» ወይም በ«ማ» የሚጀምር፣ አንድ ሠሪ ብቻ ያለው ይሆናል። ግ6 «የአቅራቢ ማስረከቢያ መፈረም» ሆነ። ፋ3 «ሞዴል 19 መቁረጥ» ሆነ። ያማረ አማርኛ ላይሆን ይችላል፤ ግን የዕቃ ግምጃ ቤቱም የሒሳብ ሠራተኛዋም ሲያነቡት የሚያስቡት ያንኑ አንድ ወረቀት ነው።

በዚያው አጋጣሚ ሦስት ግሦችን ከፋፍለን አጠርን። ማጽደቅ የሚባለው በሥልጣን ተፈርሞ ሥራው እንዲቀጥል ሲፈቀድ ብቻ ነው። ማረጋገጥ አንድን ነገር ከመዝገብ አይቶ አለ ወይም የለም ለማለት ነው። ማመሳከር ሁለትና ከዚያ በላይ ሰነዶችን ቁጥር በቁጥር ማስተያየት ነው። በዚህ መሠረት ፋ5 «ሰነድ ማረጋገጥ» የነበረው «ሰነድ ማመሳከር» ተባለ፤ ሠራተኛዋ የምታደርገው የግዥ ትዕዛዙን፣ ሞዴል 19ንና የአቅራቢውን ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዛቱንና ዋጋውን ማየት ነውና። ሁለቱ ማጽደቆችም «አሸናፊ አቅራቢ ማጽደቅ» እና «ክፍያ ማጽደቅ» ተብለው ተለያዩ። «የገበያ ጥናት» የተባለውም በተግባር ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ማምጣት ብቻ ስለሆነ «ፕሮፎርማ መሰብሰብ» አልነው፤ የግዥ ኃላፊው ትንሽ ቅር አላቸው።

ስም ሲመረጥ የአንዱን ክፍል ቃል እንዳለ ወስዶ ሌላውን መጣል ቂም ያተርፋል። ሁለቱም ቃላት አሻሚ ከሆኑ ሁለቱንም ትቶ በሰነዱ ስም መጥራት ይሻላል፤ የሰነድ ስም የማንም ክፍል አይደለም።

ሦስተኛ፦ ቅደም ተከተሉ ሲጋጭ ፋይል መክፈት

ፋይናንስ በጀት የሚረጋገጠው የግዥ ጥያቄው እንደመጣ፣ ከሁሉ በፊት ነው ይላል። ግዥ ዋጋው ሳይታወቅ ምን በጀት ይረጋገጣል፣ ከማወዳደሪያው በኋላ ነው ይላል። በስብሰባ ይህ አይፈታም፤ ሁለቱም የሚያስረዱበት ምክንያት አላቸው።

በቅርቡ የተዘጉ አሥር የክፍያ ፋይሎች እንዲወጡልዎ ይጠይቁ። ቀላልም ከባድም፣ በተለይ የተጓተቱ ፋይሎች ይካተቱ፤ ያለችግር ያለፉትን ብቻ መርጠው ቢሰጡዎት አይቀበሉ። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ በሰነዶቹ ላይ ያሉትን ቀናት በቅደም ተከተል ይጻፉ። በእኛ ጉዳይ ከአሥሩ በሰባቱ የበጀት ፊርማው ቀን ከዋጋ ማወዳደሪያው በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ የሚፈትን ነገር አለ። «መመሪያው የሚለው ከገበያ በፊት ነው» ብሎ ሥዕሉን በመመሪያው መሠረት ማስተካከል ያምራል። አይምሰልዎ። ማዋሐድና ማሻሻል ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ላይ ከተሠሩ በኋላ አንድ ሣጥን ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ማንም ሊናገር አይችልም። በጀት ማረጋገጥን ፋይሎቹ ባሳዩት ቦታ፣ ከማወዳደሪያው በኋላ አስቀመጥነው፤ አጠገቡ ቀይ ምልክት አድርገን «በመመሪያው ከፕሮፎርማ በፊት» ብለን ጻፍን። ጉዳዩ በተለየ ወረቀት ለሁለቱ ክፍሎች የበላይ ኃላፊ ቀረበ። እኔ የምወስነው አልነበረም።

ቀናቱ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፦ ሰነዱ ቀድሞ ተፈርሞ ቀኑ በኋላ የተሞላ መሆን አለመሆኑን። የፋይሉ የመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ቁጥር ከፊርማው ቀን ጋር ካልሄደ ያንን ፋይል ይተዉት፣ ሌላ ያስወጡ።

አራተኛ፦ ረድፎቹን መሥራት፣ የጠፋውን ሰው መፈለግ

አሁን ባዶ ወረቀት ይዘርጉ፤ ለእያንዳንዱ ፈራሚ ክፍል አንድ አግድም ረድፍ ያስምሩ። ረድፉ የሚወሰነው ንድፉን በሣለው ክፍል ሳይሆን በወረቀቱ ጀርባ በጻፉት ፈራሚ ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊው የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነበር። ግ6ን ግዥ የሣለው ቢሆንም የሚፈርመው የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ፋ3ን ፋይናንስ የሣለው ቢሆንም ሞዴል 19 የሚቆርጠው ያው ግምጃ ቤት ነው። ሁለት ክፍሎች የሦስተኛውን ሥራ የራሳቸው አስመስለው ስለሣሉት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ከሁለቱም ንድፍ ጠፍቶ ነበር። በምርመራውም ላይ እንዲሁ የሚፈርመው ከጠያቂው ክፍል የሚመጣው ባለሙያ ነው። ሁለት ረድፍ ብለን የጀመርነው አራት ሆነ፦ ጠያቂ ክፍል፣ ግዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ፋይናንስ። አቅራቢው የድርጅቱ ሰው ስላልሆነ ከአራቱ ውጭ፣ በራሱ ሣጥን ይቀመጣል፤ ወደ እሱ የሚሄደውም ከእሱ የሚመጣውም ቀስት የተቆራረጠ መስመር ይሆናል።

በምልክቶቹ ላይ ብዙ አልዘገይም። አንዱ ክፍል ሰነድን ጎኑ በተዛባ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ከሥሩ ሞገድ ባለው ቅርጽ ሥሎት ይሆናል፤ በተለመደው የፍሰት ንድፍ አሣሣል የሰነድ ምልክት ሞገዱ ያለው ነው፣ እሱን ይያዙ። ሥራ በአራት ማዕዘን፣ ጥያቄ በአልማዝ ቅርጽ፣ የ«አዎ» ቀስት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። ይበቃል።

አምስተኛ፦ ማረፊያ የሌላቸው ቀስቶች

በፋይናንስ ንድፍ ላይ ከማመሳከሩ በኋላ «ሰነዱ ተሟልቷል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «አይደለም» የሚለው ቀስት ከገጹ ጠርዝ ወጥቶ «ወደ ግዥ ይመለሳል» ይላል። በግዥ ንድፍ ላይ ግን ይህን ቀስት የሚቀበል ሣጥን የለም። ፋይሉ ከአንዱ ወጥቷል፣ ሌላው ጋ አልገባም። ፋይል ጠረጴዛ ላይ ወር የሚቀመጠው በትክክል እዚህ ቦታ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀስት በእጅዎ ይከተሉ። ከአንድ ረድፍ ወደ ሌላ የሚያልፍ ቀስት ሁሉ በአንድ ሣጥን ማረፍ አለበት፤ በቀስቱ ላይም የሚሻገረው ሰነድ ስም ይጻፍ። የተመለሰውን ፋይል «የክፍያ ሰነድ ማስረከብ» ወደሚለው ሣጥን መለስነው። ይህ ሣጥን የግ8 እና የፋ4 ውሕድ ሲሆን የሚያልቀው ግዥ ሲልክ ሳይሆን የፋይናንስ መዝገብ የገቢ ቁጥር ሲሰጠው ነው ተባለ። የማን እጅ ላይ ነው የሚለው ጭቅጭቅ በዚያ ቁጥር ይለያል።

ሌላው ማረፊያ ያጣው የምርመራው «አይደለም» ነው። የግዥ ንድፍ ዕቃው ካልተስማማ ምን እንደሚሆን ጨርሶ አያሳይም። «ዕቃ መመለስ» የሚል አዲስ ሣጥን በግምጃ ቤቱ ረድፍ ጨመርን።

ሒሳቡን እዚህ ላይ ያስተያዩ። ዘጠኝና ስምንት አሥራ ሰባት ነው። ሁለት ጥንዶች ሲዋሐዱ ሁለት ይቀነሳል፣ ግ9 ሲሰረዝ ሌላ አንድ፤ አሥራ አራት ቀረ። ዕቃ መመለስ ሲጨመር አሥራ አምስት። በወረቀትዎ ላይ ያሉት ሣጥኖች ቁጥር ከዚህ ዓይነት ስሌት ጋር ካልገጠመ አንድ ሣጥን ጠፍቷል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል።

ስድስተኛ፦ አንድ አስቸጋሪ ፋይል በሥዕሉ ላይ ማስኬድ

ሁሉም ሰው ተስማምቷል፣ ሥዕሉም ንጹሕ ነው። አሁን ከአሥሩ ፋይሎች በጣም የተወሳሰበውን ያንሡና ጣትዎን በሥዕሉ ላይ እያንቀሳቀሱ ያንብቡት።

የእኛ ፋይል አርባ ወንበር ታዞ፣ አርባውም በር ላይ ተራግፎ፣ በምርመራ ሦስቱ እግራቸው ተሰንጥቆ የተገኘበት ነበር። ጣቴ ምርመራው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥያቄው «ዕቃው ተስማሚ ነው?» ይላል፤ አዎም አይደለምም ነው። በአዎ ከሄድኩ ለሦስት ስባሪ ወንበር ሞዴል 19 ይቆረጣል። በአይደለም ከሄድኩ ሠላሳ ሰባት ደህና ወንበር ይመለሳል። ጥያቄውን «በምርመራው ያለፈው ብዛት ስንት ነው?» ብለን ቀየርነው፤ መውጫውም ሦስት ሆነ፦ በሙሉ፣ በከፊል፣ ምንም። በከፊል ሲሆን ያለፈው ወደ ሞዴል 19፣ የቀረው ወደ ዕቃ መመለስ በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ።

ከዚያም ማመሳከሩ ጋ እንደገና ተሰናከልን፤ ትዕዛዙ አርባ፣ ሞዴል 19 ሠላሳ ሰባት፣ የአቅራቢው ደረሰኝ ደግሞ አርባ ይላል። በሥዕሉ መሠረት ፋይሉ ወደ ግዥ ይመለሳል፤ ትክክል ነው። ግዥ ከአቅራቢው ለሠላሳ ሰባት የተስተካከለ ደረሰኝ አምጥቶ እንደገና ያስረክባል፣ አዲስ የገቢ ቁጥር ያገኛል፣ ፋይሉ ይቀጥላል። ጣታችን መጨረሻው ሣጥን «ቼክ መስጠት» ላይ ደረሰ። ቼክ ማዘጋጀት ላይ ግን ሠራተኛዋ ተቀናሽ ግብር የምትቀንሰው እዚያው መሆኑን ነገረችን፤ የራሱ ሰነድ ቢኖረውም ፈራሚዋ ያችው ስለሆነችና በአንድ መቀመጫ ስለሚሠራ የተለየ ሣጥን አልሰጠነውም፣ በሣጥኑ ውስጥ በትንሽ ጽሕፈት ገባ።

አንድ ፋይል ያለ ማብራሪያ ከመነሻ እስከ መድረሻ ከሄደ ሌላ ሁለት ይሞክሩ፤ አንዱ ጭራሽ የተሰረዘ ግዥ ይሁን።

ሰባተኛ፦ የስም ማመሳከሪያው

ከሥዕሉ ጋር አንድ ገጽ ማመሳከሪያ ይታተም። በኤክሴል አራት ዓምድ ይበቃል፦ የድሮው ቁጥር፣ የድሮው ስም፣ አዲሱ ስም፣ የሚወጣው ሰነድ። ከእኛ ጥቂቱ ይህ ነው፦

| የድሮ ቁጥር | የድሮ ስም | የጋራ ስም | ሲያልቅ የሚወጣው |
|---|---|---|---|
| ግ4 | ማጽደቅ | አሸናፊ አቅራቢ ማጽደቅ | የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ |
| ግ6 | ዕቃ መረከብ | የአቅራቢ ማስረከቢያ መፈረም | የተፈረመ የማስረከቢያ ሰነድ |
| ፋ3 | ርክክብ | ሞዴል 19 መቁረጥ | ሞዴል 19 |
| ግ8 እና ፋ4 | ሰነድ መላክ፤ የክፍያ ጥያቄ መቀበል | የክፍያ ሰነድ ማስረከብ | የፋይናንስ ገቢ ቁጥር |
| ፋ6 | ማጽደቅ | ክፍያ ማጽደቅ | የተፈረመ የክፍያ ማዘዣ |

የተሰረዘውም ግ9 በሰንጠረዡ ይግባ፤ በአዲሱ ስም ቦታ «በአራት ተከፍሏል» ተብሎ። አለበለዚያ ከወር በኋላ አንድ ሰው «ክፍያ የሚለው ሣጥናችን ጠፋ» ብሎ ይመለሳል።

ሁለቱ አሮጌ ንድፎች አዲሱ በሚለጠፍበት ቀን ከግድግዳ ይውረዱ፣ አዲሱም ከታች ቀንና የእትም ቁጥር ይኑረው። የታተሙት ቅጾች ላይ ግን «ርክክብ» የሚለው ቃል ክምችቱ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ማመሳከሪያው ገጽ እስከዚያ ድረስ በዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ።